የካንባን ሰሌዳ

የካንባን ሰሌዳ አንድ ቡድን የያዛቸውን ሥራዎች በካርድ፣ ሥራዎቹ የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች ደግሞ በዓምድ የሚያሳይ የሥራ መከታተያ ሰሌዳ ነው። ከተራ የሥራ ዝርዝር የሚለየው በዓምዶቹ አናት ላይ በሚጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በዚያ ደረጃ ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ የሚችሉት ሥራዎች ከስንት መብለጥ እንደሌለባቸው ይወስናል። ይህም በሂደት ላይ ያለ ሥራ ገደብ ይባላል፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዊፕ» ተብሎም ይጠራል። ዓምዱ ከሞላ አዲስ ሥራ አይገባበትም። ቀድሞ የገባው ሥራ አልፎ ቦታ ሲለቅ ብቻ ቀጣዩ ይገባል።

ገደብ የሌለው ሰሌዳ ምን ምን ሥራ እንዳለ ያሳያል፣ ሥራው የሚጀመርበትን መንገድ ግን አይለውጥም። ስለዚህ በካንባን አሠራር ዋናው ነገር ካርዱና ዓምዱ ሳይሆን ገደቡ ነው። ይህ መጣጥፍ አንድ ትንሽ ቡድን ሰሌዳውን እንዴት እንደሚያዘጋጅ፣ የገደቡን ቁጥር ከምን ተነሥቶ እንደሚመርጥ፣ ገደቡ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ እና አሠራሩ መበላሸቱን በምን እንደሚያውቅ ያብራራል።

## አመጣጥ

«ካንባን» በጃፓንኛ የምልክት ሰሌዳ ማለት ነው። ቃሉ የአሠራር ስም የሆነው በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው መሐንዲስ ታይቺ ኦህኖ መነሻ ያደረገው የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶችን አሠራር ነበር። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የሚተካው ደንበኛው ያነሣው ዕቃ ነው፤ ያልተነሣ ዕቃ ላይ ሌላ አይከመርም። ኦህኖ ይህንን ሐሳብ በ1953 እ.ኤ.አ. በፋብሪካው የማሽን ክፍል ሥራ ላይ አዋለው።

በፋብሪካው ውስጥ ካንባን የሚባለው ከመለዋወጫ ሳጥን ጋር የሚሄድ ካርድ ነው። ቀጣዩ ክፍል በሳጥኑ ውስጥ ያለውን መለዋወጫ ሲጠቀምበት ካርዱ ወደ ሠሪው ክፍል ይመለሳል። የተመለሰው ካርድ «ይህን ያህል ሥራ» የሚል ፈቃድ ነው። ካርድ ካልመጣ ምንም አይመረትም። በመሆኑም በፋብሪካው ውስጥ ሊከማች የሚችለው መለዋወጫ የሚዘዋወሩት ካርዶች ከሚፈቅዱት አይበልጥም።

ይህን አሠራር ወደ ሶፍትዌርና ወደ ሌላ የቢሮ ሥራ በማምጣት የሚታወቀው ዴቪድ አንደርሰን ነው። አንደርሰን በ2004 እ.ኤ.አ. በማይክሮሶፍት ውስጥ ከአንድ የሶፍትዌር ጥገና ቡድን ጋር ሐሳቡን ሞክሮታል፤ ስለ አሠራሩ የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ በ2010 ታተመ። አንደርሰን ገደቡን ለማስረዳት በ2005 በቶኪዮ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት የአትክልት ሥፍራ ያየውን ይጠቅሳል። እዚያ ጎብኚው ሲገባ በነጻ ካርድ ይሰጠው፣ ሲወጣ ደግሞ ይመልስ ነበር። በካርዱ ገንዘብ አይሰበሰብም ነበር፤ ካርዶቹ ካለቁ ግን ሌላ ጎብኚ እስኪወጣ ድረስ አዲስ ሰው አይገባም ነበር። የአትክልቱን ሥፍራ ከመጨናነቅ ይጠብቅ የነበረው የካርዶቹ ብዛት ነው።

በፋብሪካና በቢሮ መካከል አንድ ልዩነት አለ። በፋብሪካ ካርዱ ራሱ ፈቃድ ነው። በቢሮ ሰሌዳ ላይ ግን ካርዱ ሥራውን ብቻ ይወክላል፤ ፈቃዱ ገደቡ ባልሞላ ዓምድ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ነው።

## ገደቡ የቆይታ ጊዜን እንዴት ያሳጥራል

ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ መጀመር ብዙ ሥራ የመጨረስ ያህል ይመስላል። ሆኖም በአንድ ሂደት ውስጥ ያለው የሥራ ብዛት፣ ሥራዎች የሚጠናቀቁበት ፍጥነት እና አንድ ሥራ የሚቆይበት ጊዜ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው። ግንኙነቱን አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ስላረጋገጠው የሊትል ሕግ ተብሎ ይጠራል። ለካንባን ሰሌዳ በሚመች መልኩ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

አማካይ የቆይታ ጊዜ = በሂደት ላይ ያሉ ሥራዎች አማካይ ብዛት ÷ አማካይ የማጠናቀቂያ ፍጥነት

የወፍጮ ቤት ወረፋ ይህንኑ ያሳያል። ወፍጮው በሰዓት የአራት ሰው እህል የሚፈጭ ከሆነና ስምንት ሰው ከተሰለፈ፣ መጨረሻ የመጣው ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሃያ ሰው ቢሰለፍ ወፍጮው አይፈጥንም፤ የሚረዝመው የሰው ቆይታ ነው።

ከዚህ በታች ሐሳቡ ለማብራሪያ በተዘጋጀ ምሳሌ ይታያል። ቡድኑ አምስት ሰዎች አሉት፦ ሦስት ፕሮግራመሮች፣ አንዲት የፍተሻ ባለሙያ እና አንድ አስተባባሪ። የሚሠሩት አንድ ድርጅት ለደመወዝና ለንብረት መዝገብ በሚጠቀምበት ፕሮግራም ላይ ነው። የድርጅቱ ክፍሎች ማስተካከያና ጭማሪ ይጠይቃሉ፤ አስተባባሪው ጥያቄዎቹን ይቀበላል፣ ፕሮግራመሮቹ ይሠራሉ፣ የፍተሻ ባለሙያዋ ሥራው ትክክል መሆኑን ታረጋግጣለች። ቅሬታው አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው፣ የተጠየቀው ግን ቶሎ አያልቅም።

ቡድኑ የተጀመሩትን ሥራዎች ሲቆጥር 15 ሆኑ። 9ኙ በፕሮግራመሮች እጅ፣ 6ቱ በፍተሻ ላይ ናቸው። ባለፉት አራት ሳምንታት የተጠናቀቁት 20 ሥራዎች ስለሆኑ ፍጥነቱ በሳምንት 5፣ ማለትም በሥራ ቀን 1 ነው። በሊትል ሕግ መሠረት አንድ ሥራ ከተጀመረ በኋላ በአማካይ 15 የሥራ ቀን፣ ማለትም ሦስት ሳምንት ይቆያል። የተጀመሩት ሥራዎች ቁጥር ወደ 6 ቢወርድና ፍጥነቱ ባይቀንስ፣ አማካዩ ቆይታ ወደ 6 የሥራ ቀን ይወርዳል። ለዚህ ማንም ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት መሥራት አያስፈልገውም።

ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱም አይቀንስም። በእጁ ሦስት ሥራ የያዘ ፕሮግራመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የት እንዳቆመ ለማስታወስ ጊዜ ያጠፋል። ስህተቱም ከሳምንታት በኋላ ሲነገረው የጻፈውን እንደ አዲስ ማንበብ ይኖርበታል። ያልተጠናቀቀው ሥራ ሲያንስ ይህ ብክነት አብሮ ያንሳል።

## ሰሌዳውን ማዘጋጀት

ሰሌዳው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት፣ በነጭ ሰሌዳ ወይም እንደ ጂራና ትሬሎ ባሉ ፕሮግራሞች ሊዘጋጅ ይችላል። በአንድ ክፍል የሚቀመጥ ቡድን በወረቀት መጀመሩ ጥሩ ነው፤ ዓምድ መቀየርና ደንብ መጻፍ በእርሳስና በማስመሪያ ያልቃል።

ዓምዶቹ የሚወሰዱት ሥራው በእርግጥ ከሚሄድበት መንገድ እንጂ ሊሄድበት ይገባ ነበር ከሚባለው አይደለም። ለዚህም በቅርቡ የተጠናቀቁ ጥቂት ሥራዎች ተመርጠው ከጥያቄው እስከ ርክክቡ በማን እጅ እንዳለፉና የት እንደቆሙ በቅደም ተከተል ይጻፋል። በሁሉም ላይ የሚደጋገመው ደረጃ ዓምድ ይሆናል። ዓምዱ የሥራውን ደረጃ ያመለክታል እንጂ የሰው ስም አይደለም። በሰው ስም የተከፈለ ሰሌዳ ማን ሥራ እንደበዛበት ያሳያል፤ ሥራው የት እንደታነቀ ግን አያሳይም።

በምሳሌው ቡድን ሰሌዳው እንዲህ ሆነ፦

| ዝግጁ | በመሥራት ላይ፦ ገና | በመሥራት ላይ፦ ያለቀ | በፍተሻ ላይ | የተጠናቀቀ |
|---|---|---|---|---|
| ገደብ 6 | ገደብ 4 (ለሁለቱ በአንድነት) | | ገደብ 2 | ገደብ የለውም |

«በመሥራት ላይ» የሚለው ዓምድ ለሁለት የተከፈለው በምክንያት ነው። ፕሮግራመሩ ሥራውን ሲጨርስ ካርዱን በቀጥታ ወደ ፍተሻ ቢያስገባው የፍተሻ ባለሙያዋ ላይ ሥራ እየገፋ ነው ማለት ነው። በካንባን ሥራ አይገፋም፤ ተቀባዩ ሲችል ራሱ ይስበዋል። ስለዚህ የተጨረሰው ካርድ «ያለቀ» በሚለው ክፍል ይቀመጥና የፍተሻ ባለሙያዋ ቦታ ሲኖራት ታነሣዋለች። እስክታነሣው ድረስ ካርዱ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሥራው ስም፣ የጠየቀው ክፍል፣ አሁን የያዘው ሰው እና ካርዱ ወደ «በመሥራት ላይ» የገባበት ቀን ይጻፋል። ከሁሉም ይህ ቀን መዘንጋት የለበትም፤ ያለ እሱ ሥራው ስንት ቀን እንደቆየ በኋላ ማወቅ አይቻልም።

በመጨረሻም በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ካርዱ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ ምን መሟላት እንዳለበት በአጭሩ ይሰፍራል። በምሳሌው ቡድን አንድ ሥራ «ያለቀ» የሚባለው ፕሮግራመሩ ራሱ ሞክሮት፣ ሌላ ፕሮግራመር አይቶለት እና የመሞከሪያ መረጃ ተዘጋጅቶለት ሲገኝ ነው። ይህ ካልተጻፈ አንዱ አለቀ የሚለውን ሌላው ገና ነው ይለዋል፤ የካርዱ ቦታም ትርጉም ያጣል።

## የገደቡን ቁጥር መምረጥ

ለሁሉም ቡድን የሚሠራ አንድ ትክክለኛ ቁጥር የለም። የመጀመሪያው ቁጥር ምክንያት ያለው ግምት ሲሆን በኋላ በታየው ነገር ይስተካከላል።

ለ«በመሥራት ላይ» 4 የተመረጠው ፕሮግራመሮቹ ሦስት ስለሆኑ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ተይዞ፣ አንዱ ከጠያቂው ክፍል መልስ ሲጠብቅ ወይም ያለቀ ካርድ ለፍተሻ ተራ ሲጠብቅ እንዲያገለግል አንድ ተጨማሪ ቦታ ተሰጥቷል። ገደቡ 6 ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሥራ ለመያዝ ይበቃው ነበርና አሠራሩ ከበፊቱ ብዙም አይለይም ነበር።

ለፍተሻ 2 የተመረጠው የፍተሻ ባለሙያዋ አንድ ስለሆነች ነው። አንዱ በእጇ ያለው ሥራ ሲሆን ሁለተኛው ጥያቄ ተነሥቶበት ለሚቆም ሥራ መተኪያ ነው።

የ«ዝግጁ» ገደብ የሚሰላው በሌላ መንገድ ነው። ይህ ዓምድ ሊሠሩ የተመረጡና ዝርዝራቸው የታወቀ ሥራዎች የሚጠብቁበት ነው። አስተባባሪው በየሰኞው የሚሞላው ከሆነ እስከ ቀጣዩ ሰኞ የሚያደርስ ሥራ ሊኖርበት ይገባል። በሳምንት 5 ሥራ ስለሚጠናቀቅ 5 ካርድ ያስፈልጋል፤ አንድ መጠባበቂያ ሲጨመር 6 ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሞላ ቢሆን ግን 3 ወይም 4 ይበቃ ነበር። «ዝግጁ» ካልተገደበ ጠያቂዎቹ ሥራቸው ወደ ሰሌዳው በመግባቱ ብቻ ሊጀመር ነው ብለው ይጠብቃሉ። ሲገደብ ግን የትኛው ይቅደም የሚለው ክርክር ካርዱ ከመግባቱ በፊት ያልቃል።

### ከነበረው ወደ ገደቡ መውረድ

ቡድኑ ገደቡን ሲወስን በእጁ 15 ሥራ ነበረው፤ ገደቡ የሚፈቅደው ግን 6 ነው። ከ15ቱ ሦስቱ ማንም ለሁለት ሳምንት ያልነካቸው ነበሩ። አስተባባሪው ከጠያቂዎቹ ጋር ተነጋግሮ እነዚህን ወደ ጥያቄዎች ዝርዝር መለሳቸው። የቀሩት 12 ናቸው፦ 6 በመሥራት ላይ፣ 6 በፍተሻ ላይ።

ቀሪው ትርፍ በግድ አይሰረዝም። ቁጥሩ ወደ ገደቡ እስኪወርድ ድረስ አዲስ ሥራ አለመጀመር ይበቃል። በቀን አንድ ሥራ ስለሚጠናቀቅ ከ12 ወደ 6 ለመውረድ ስድስት የሥራ ቀን ይፈጃል። በእነዚህ ቀናት ስድስት ሥራዎች ከፍተሻ ይወጣሉ፣ ሁለት ደግሞ ከፕሮግራመሮቹ ወደ ፍተሻ ያልፋሉ። በመጨረሻ አራት በመሥራት ላይ፣ ሁለት በፍተሻ ላይ ይቀራሉ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ሳምንት ነው። ፕሮግራመሮቹ አዲስ ነገር ከመጻፍ ይልቅ በፍተሻ የተገኙ ስህተቶችን ሲያርሙና የመሞከሪያ መረጃ ሲያዘጋጁ ስለሚውሉ ሥራ የፈቱ ይመስላቸዋል።

## ገደቡ ሲሞላ

የአሠራሩ ጥቅም የሚታየው ገደቡ ሲሞላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በምሳሌው ቡድን ሰሌዳ ላይ ሦስት ካርድ «ገና»፣ አንድ ካርድ «ያለቀ»፣ ሁለት ካርድ «በፍተሻ ላይ» አለ እንበል። ሁለቱም ዓምዶች ሞልተዋል።

አንደኛዋ ፕሮግራመር የጡረታ መዋጮ ስሌት ማስተካከያውን ጨርሳ ካርዱን ወደ «ያለቀ» ታዛውራለች። አሁን «ገና» ሁለት፣ «ያለቀ» ሁለት ሆነ። ድምሩ ግን አራት እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ከ«ዝግጁ» አዲስ ካርድ ማንሣት አትችልም። ገደብ በሌለው ሰሌዳ ላይ ቢሆን ቀጣዩን ሥራ ትጀምር ነበር፤ የፍተሻው ወረፋም በአንድ ይረዝም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሰሌዳው የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወደ መጨረሻው የቀረበው ሥራ ቅድሚያ አለው። ፕሮግራመሯ ከ«የተጠናቀቀ» ቀጥሎ ያለውን የፍተሻ ዓምድ ስታይ፣ ከሁለቱ ካርዶች አንዱ የመሞከሪያ መረጃው ጎድሎ መቆሙን ትረዳለች። መረጃውን ታሟላለች። እኩለ ቀን ላይ ያ ሥራ ፍተሻውን አልፎ ይጠናቀቃል።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በፍተሻ አንድ ቦታ ስለተለቀቀ የፍተሻ ባለሙያዋ ካሉት ሁለት «ያለቀ» ካርዶች ቀድሞ የገባውን ትስባለች። «በመሥራት ላይ» ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል፤ አሁን ፕሮግራመሯ ከ«ዝግጁ» አንድ ካርድ ማንሣት ትችላለች። «ዝግጁ» ላይ ክፍት ቦታ መኖሩ ደግሞ ለአስተባባሪው ሰኞ ስንት ሥራ ማስገባት እንዳለበት ይነግረዋል። ማንም ማንንም ሥራ አላዘዘም፤ ከመጨረሻ የወጣው አንድ ሥራ በየደረጃው አንድ ቦታ ከፍቶ ሥራውን ወደ ፊት ሳበው።

የሚረዳ ነገር ከሌለ ትንሽ ጊዜ ያለ አዲስ ካርድ መቆየት ጥፋት አይደለም። ጊዜውም ለንባብ፣ የቆየን ኮድ ለማጽዳት ወይም ተደጋጋሚ ፍተሻን በፕሮግራም እንዲሠራ ለማድረግ ሊውል ይችላል። በምሳሌው ቡድን ፍተሻ በየጊዜው የሚሞላ ከሆነ የሂደቱ ማነቆ እሱ ነው። ስለዚህ ለፕሮግራመሮቹ ከሁሉ የሚጠቅመው የፍተሻውን ሥራ የሚያቀል ነገር ነው።

## የቆመ ሥራና አስቸኳይ ሥራ

ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው መልስ እስኪሰጥ የቆመ ካርድ ባለበት ዓምድ ይቆያል፤ ቀይ ምልክት ይደረግበታል፣ የቆመበት ምክንያትና ቀን ይጻፍበታል፣ ከገደቡም አይቀነስም። ብዙ ቡድኖች በዚህ ጊዜ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ገደብ የሌለው ዓምድ ይጨምራሉ። ያ ዓምድ ገደቡን ሳይነኩ ሥራ የሚደበቅበት ጓዳ ይሆናል። የቆመው ካርድ ቦታ ይዞ ሲያስቸግር ግን ቡድኑ ስልክ ደውሎ መልሱን ለማግኘት ምክንያት ይኖረዋል።

አስቸኳይ ሥራ የራሱ ደንብ ያስፈልገዋል። የደመወዝ ቀን ዋዜማ ስሌቱ ቢበላሽ «ገደቡ ሞልቷል» ተብሎ አይጠበቅም። የተለመደው መፍትሔ በሰሌዳው አናት ላይ ገደቡ 1 የሆነ የአስቸኳይ መስመር መስጠት ነው። በዚያ መስመር ያለ ካርድ የዓምዶቹን ገደብ ማለፍ ይችላል፤ ሁለተኛ አስቸኳይ ሥራ ግን የመጀመሪያው እስኪያልቅ ይጠብቃል። በዚህ መስመር ምን እንደሚገባ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ደመወዝ የማይከፈልበት ወይም መዝገብ የሚጠፋበት ስህተት» ተብሎ። መስመሩ በየሳምንቱ ተይዞ የሚውል ከሆነ አስቸኳይ የሚለው ቃል «ቶሎ ይሠራልኝ» ማለት ሆኗል።

## የአሠራሩ መበላሸት ምልክቶች

ገደቡ በጣም ከፍ ብሏል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አልፎ ማንም በገደቡ ምክንያት አዲስ ሥራ ከመጀመር ካልተከለከለ፣ ቁጥሩ የሚሠራው ነገር የለም ማለት ነው። ቁጥሩ ካለው የካርድ ብዛት በላይ ስለሆነ የነበረውን ልማድ አልነካም።

ገደቡ በጣም ዝቅ ብሏል። አንድ ካርድ በቆመ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያግዘው ነገር አጥቶ ከቆመና በሳምንት የሚጠናቀቀው ሥራ ከቀነሰ ቁጥሩ አንሷል። የሰዎች መቆም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የማጠናቀቂያው ፍጥነት አብሮ መቀነሱ መታየት አለበት።

ከሰሌዳው ውጭ ሥራ አለ። ገደቡ ተጠብቆ፣ የቆመ ካርድም ሳይኖር፣ ካርዶቹ ግን ለቀናት ካልተንቀሳቀሱ ሰዎቹ በሌላ ሥራ ተጠምደዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በስልክ ወይም በቃል የመጣ «ትንሽ» ጥያቄ ነው። ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ሁሉ ካርድ ይሁን የሚል ደንብ ይህንን ያወጣዋል።

ገደቡ «ለዛሬ ብቻ» ይጣሳል። ጂራን የመሰሉ ፕሮግራሞች ገደቡ ሲታለፍ ዓምዱን በቀይ ያሳያሉ እንጂ ካርዱን አያግዱም። ገደቡን የሚያስከብረው የቡድኑ ስምምነት ነው። ስለዚህ ገደቡ ሲጣስ ቀኑና ምክንያቱ በሰሌዳው ዳር ይጻፋል። ተመሳሳይ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከተጻፈ መታየት ያለበት የሚደጋገመው ምክንያት ራሱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ችግርን የሚያሳየው የካርዱ ዕድሜ ነው። የምሳሌው ቡድን ገደቡን ከጀመረ በኋላ የተጠናቀቁ 20 ካርዶችን ሲያይ 17ቱ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ አልቀዋል እንበል። ከዚያ በኋላ 8 ቀን የሞላው ማንኛውም ካርድ በጠዋቱ አጭር ስብሰባ በቅድሚያ ይነሣል። ስብሰባውም እያንዳንዱ ሰው ትናንት ምን እንደሠራ ከመጠየቅ ይልቅ «ይህ ካርድ እንዲያልፍ ምን ያስፈልገዋል» በሚለው ይጀምራል።

## ቁጥሩን መለወጥ

ገደቡ የሚለወጠው በአንድ ጊዜ በአንድ ዓምድ፣ ያውም በአንድ ቁጥር ነው። ለውጡ ከተደረገ በኋላ ውጤቱ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይጠበቃል። ሁለት ዓምድ በአንድ ላይ ከተለወጠ የመጣው ውጤት ከየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ለውሳኔው ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ በሳምንት የተጠናቀቁ ሥራዎች ብዛት፣ እያንዳንዳቸው የቆዩበት ቀን እና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የተቆጠሩ በሂደት ላይ ያሉ ካርዶች። ገደቡ በአንድ ወርዶ የማጠናቀቂያው ፍጥነት ካልቀነሰና ቆይታው ካጠረ፣ የተቀነሰው ቦታ መጠበቂያ ብቻ ነበር ማለት ነው። ፍጥነቱ ከወደቀ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

## ውስንነቶች

የሊትል ሕግ ስለ አማካይ እንጂ ስለ አንድ ካርድ አይናገርም። ስሌቱ 6 ቀን ስላለ ነገ የሚጀመረው ሥራ በ6 ቀን ያልቃል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም። ስሌቱ የሚሠራውም የሚጀመረውና የሚጠናቀቀው ሥራ በጊዜ ሂደት ሲመጣጠን፣ የተጀመረውም ሥራ በመጨረሻ ሲጠናቀቅ ነው። ግማሽ መንገድ ተሠርቶ የሚጣል ካርድ ከበዛ ቁጥሩ ያሳስታል።

ገደቡ የሚያሳጥረው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ጠያቂው ግን ከዚያ በፊትም ይጠብቃል። በምሳሌው ቡድን «ዝግጁ» ሲሞላ መጨረሻ የገባው ካርድ ለመጀመር ብቻ 6 የሥራ ቀን ያህል ይቆያል፤ ወደ «ዝግጁ» ያልገባ ጥያቄ ደግሞ ከዚያም በላይ። በሳምንት 5 ሥራ ለሚጨርስ ቡድን በሳምንት 8 ጥያቄ የሚመጣ ከሆነ የጥያቄው ዝርዝር በየሳምንቱ በ3 ያድጋል፤ ይህንን የትኛውም ገደብ አይፈታውም። ሰሌዳው ልዩነቱን ያሳያል፤ ከጥያቄዎቹ የትኛው እንደማይሠራ የሚወስኑት ግን ሰዎች ናቸው።

በተጨማሪም አሠራሩ የቡድኑ አባላት ቢያንስ በከፊል አንዱ የሌላውን ሥራ ማገዝ ይችላሉ ከሚል ይነሣል። ፕሮግራመሩ በፍተሻ ምንም ማገዝ የማይችል ወይም የማይፈቀድለት ከሆነ፣ ገደቡ ሲሞላ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ አይኖረውም። እንዲህ ባለ ቡድን ገደቡ ማነቆውን ያሳያል፤ ማነቆውን ለማስፋት ግን ሌላ ሰው መቅጠር ወይም ያሉትን ማሠልጠን ያስፈልጋል።